የሻምሶ ጠርዝ በአሥራ ሁለት ሾት

ሻምሶን በሽታው የመታት በግራ በኩል ነው። ቀኝ እጇ ይሠራል፤ ምላሷም ትንሽ ከመጎተቱ በቀር እንደ ድሮው ነገር ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን «ቀኙ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጽናና ነበር። ሻምሶ ግን ግራኝ ናት። መርፌ የያዘችው፣ መቀስ የጨበጠችው፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንጀራዋን ያበሰለችው በዚያ በሞተው እጅ ነው። አሁን ጭኗ ላይ ተጋድሟል፤ የሰው ዕቃ ተቀብላ የምታስቀምጥ ይመስል አልፎ አልፎ በቀኟ አንስታ ቦታ ትቀይርለታለች።

ብርነሽ ይህን ማየት አትችልም ነበር። በየቀኑ ግን ታየዋለች። ሁለቱ የሚሠሩበት ልብስ ስፌት ቤት ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሚኒባሶች ተራ ከሚይዙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከጀርባው ደግሞ የሻምሶ መኝታ ክፍል አለ። በመሃሉ ያለው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሻምሶ አልጋዋ ላይ ሆና ማሽኑ ሲሄድ በድምፁ ብቻ «ክሩ ላልቷል፣ አጥብቂው» ትላለች። ተሳስታም አታውቅም።

ብርነሽ ወደዚህ የሶማሌዎች አገር የመጣችው ከኢትዮጵያ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው፤ ከመጣች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ፈንታሁን ከበርበራ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለስ ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ተከትላው መጣች፤ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ መኪናው ተገልብጦ ፈንታሁን መንገድ ላይ ቀረ። ቋንቋ አታውቅ፣ ዘመድ የላት። የለቅሶ ልብሷን ልታስጠብብ አንድ ስፌት ቤት ገብታ በእጇ ምልክት ስታሳይ ባለቤቲቱ አይታ አይታ፣ «ምነው አባዮ፣ በአማርኛ ብትነግሪኝ አይቀልም?» አለቻት። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ሻምሶ እዚህ ጦርነት በነበረበት ዘመን ወላጆቿ ይዘዋት ተሰድደው ያደገችው ድሬዳዋ ነበር።

ብርነሽ ያን ቀን አልቅሳ አልቅሳ፣ ልብሱን ሳታስጠብብ፣ ማሽን ፊት ተቀምጣ ቀረች። ብዙ ጊዜ ስለዚያ ቀን ስታስብ፣ ፈጣሪ አንዱን በር ሲዘጋባት የሚቀጥለውን ምን ያህል አቅርቦ እንዳስቀመጠላት ይገርማታል። ብዙም አታወራውም። ጠዋት ስትነሣ ግን ከምታመሰግንባቸው ነገሮች መካከል አንዱ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» እያለች ስታስቸግር ሻምሶ ትቆጣ ነበር። «ድሬ ነው ያደግኩት። እርስዎ ስትዪኝ ቀበሌ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ።»

ሻምሶ ያስተማረቻት ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ያስተማረቻት ጠርዝ ነው። የሶማሌ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ስስ ጋርባሳር ጠርዙ ወፍሮ ከተቀመቀመ ይሞታል፣ ነፋስ አይይዝም። በማሽን ሲሰፋ ይቆረፍዳል። ሻምሶ በእጅ ትጠቀልለዋለች። ሲያልቅ ጠርዙ እንደ ቀጭን ገመድ ድቡልቡል ይላል፤ ስፌቱ በፊትም በኋላም አይታይም። ብርነሽን ስታስተምራት አጠገቧ አላስቀመጠቻትም። «አጠገቤ ከሆንሽ እጄ ይቃረንሻል። ፊት ለፊቴ ተቀመጪና እንደ መስታወት እዪኝ» አለቻት። እሷ በግራዋ ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ፣ ብርነሽ በቀኟ ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች። እንዲህ እየተያዩ ሦስት ወር ፈጀባቸው። ብርነሽ ስፌቱን ብቻ አይደለም የቀዳችው፤ ትንሿን ጣት አንሥቶ መያዙን፣ ክሩን ከመሳብ በፊት ጨርቁን በአውራ ጣት ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረጉንም አብራ ቀዳች። ይህን ግን ራሷም አታውቀውም።

ከበሽታው በፊት ሻምሶ በየዓርቡ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በባጃጅ አያሃ ወደሚባለው ሰፈር ትሄድ ነበር። እዚያ ላዳን የምትባል ባልቴት ግቢዋን ለቃላት፣ ሻምሶ አሥራ አንድ ሴቶች ታስተምር ነበር፤ ያለ ክፍያ። አብዛኞቹ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ሥራ በታጣ ቀን ደግሞ ከቤት የሚውሉ ናቸው። የጠርዝ ሥራ ቢችሉ ከገበያ ጋርባሳር እየወሰዱ ቤታቸው ተቀምጠው መሥራት ይችላሉ። ጨርቅ መቁረጥ፣ ማሽን መንዳት ተምረው ጠርዙ ላይ ሊደርሱ ሲሉ ሻምሶ ወደቀች።

«ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል» ትላለች ሻምሶ ጣሪያውን እያየች። «የማይቋረጥበት የሚጠቅም ዕውቀት ትቶ የሄደ ነው። እኔ እነዚያን ልጆች በር ላይ አድርሼ ነው የተውኳቸው።»

«እኔ እሄድላቸዋለሁ» አለች ብርነሽ።

«ትሄጂያለሽ። ግን አንድ ቀን አይተው አይችሉትም፤ አንቺስ ስንት ወር ፈጀብሽ? ከሥራ ውለው ገብተው፣ መርፌ ይዘው፣ ደጋግመው ማየት አለባቸው።»

ዘዴውን ያመጣችው ሳጋል ናት፤ የሻምሶ አንድ ልጇ። ሳጋል መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ አማርኛዋን ከእናቷ ጉልበት ሥር የለቀመችው ነው፤ ብርነሽን ሃበርያር፣ የእናቴ እህት ማለት ነው፣ ብላ ትጠራታለች። «በስልክ እንቅረጸው» አለች። «ግን ረጅም ቪዲዮ አይሆንም፤ ላዳን ቤት ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አይከፈትላቸውም። አንድ እርምጃ፣ አንድ አጭር ሾት። ሾት ማለት ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያየው ቁራጭ ነው። አራተኛው ያልገባት አራተኛውን ብቻ አሥር ጊዜ ታያለች።»

ሻምሶ ወደደችው። አንድ ነገር ግን ጠየቀች። «ከመላካችሁ በፊት እኔ አያለሁ። ስሕተት ትቼ አልሄድም። በዓይኔ አይቼ ልክ ነው ካልኩ በኋላ ይሂድላቸው።» ሐኪሙ በሽታው ሊደግም እንደሚችል ለሦስቱም ነግሯቸው ነበርና፣ «አልሄድም» ያለችው ወዴት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

የቀረጻው ጽሑፍ ሁለት ቀን ፈጀ። ብርነሽ ደብተሩን ሦስት ቦታ አሰመረችው፤ ቁጥር፣ ዓይን የሚያየው፣ አፍ የሚለው። ሻምሶ ትናገራለች፣ ብርነሽ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ሳጋል ማታ ከሥራ ስትመለስ ወደ ሶማሊኛ ትመልሰዋለች።

ችግሩ ሻምሶ ስታስተምር ወሬ ትወዳለች። «መጀመሪያ ጨርቁን ታያለሽ፣ ከዚያ ጠርዙን በጣትሽ ታበሺና፣ ከዚያ ከጫፉ ግማሽ ሳንቲም ገባ ብለሽ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ስንት ‹ከዚያ› አለበት?» አለች ብርነሽ እርሳሷን አንሥታ። «ሳጋል ምን አለች? አንድ ሾት፣ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ። ‹ከዚያ› ካልሽ ሁለት ሾት ነው።»

«ያለ ‹ከዚያ› ሰው እንዴት ያወራል?»

«አይወራማ። ይታያል።»

«አየሽ፣ ምላሴ ተረፈልኝ ስል አንቺ መጣሽበት» አለች ሻምሶ፤ ሁለቱም ሳቁ።

የጊዜውን ልክ የሚለኩበት አላገኙም ነበር። ሻምሶ ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂምን ቀስ ብላ ሁለቴ አለችና «ከዚህ አይለፍ» አለች። ብርነሽ ደግሞ በልቧ በአቡነ ዘበሰማያት ለካችው፤ «ትምጻእ መንግሥትከ» እስክትል ድረስ ሆነ። በአንድ ትንፋሽ የማይነገር ዓረፍተ ነገር ሁሉ ተሰረዘ። አሥራ ሁለት ሾት ወጣ።

አንደኛው ሾት፦ ሜትር ጠርዙ ላይ ተዘርግቶ፣ ጠመኔ ግማሽ ሳንቲም ላይ ምልክት ያደርጋል። «ከጫፉ ግማሽ ሳንቲም።» ሁለተኛው፦ ማሽኑ በምልክቱ ላይ፣ በደቃቅ ስፌት። ሦስተኛው፦ መቀስ ከስፌቱ ውጭ ያለውን ሁለት ሚሊሜትር አስቀርቶ ይከረክማል። እዚህ ላይ ሻምሶ «አንድ ስንዝር ብቻ» የሚል አስጨመረች፤ ጠርዙ ሁሉ አንድ ጊዜ ከተከረከመ ስስ ጨርቅ ይተረተራል። አራተኛው፦ ጣቶች ጠርዙን ወደ ውስጥ አንዴ ያጥፋሉ፤ የማሽኑ ስፌት እጥፋቱን ትንሽ አልፎ ወደ ጀርባ ይገባል። አምስተኛው፦ ነጠላ ክር፣ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን። ስድስተኛው፦ ቋጠሮው እጥፋቱ ውስጥ ሲደበቅ።

ሰባተኛው ላይ ተጨቃጨቁ። መርፌው ከተከረከመው ጫፍ ሥር ከጨርቁ አንድ ክር ብቻ ያነሣል። ብርነሽ «አንድ ወይ ሁለት ክር» ብላ ጻፈች። ሻምሶ አስደመሰሰቻት። «ሁለት ካልሻቸው ሦስት ያነሣሉ። አንድ በዪ፤ ሁለት ቢያነሡ ይቅር እንላቸዋለን።» ስምንተኛው፦ መርፌው በእጥፋቱ ውስጥ ግማሽ ሳንቲም ተንሸራቶ ይወጣል። ዘጠነኛው፦ ከወጣበት ትይዩ ወርዶ ደግሞ አንድ ክር ያነሣል። አሥረኛው፦ ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ፣ ክሩ ሳይሳብ፣ እንደ መሰላል ቆሞ ይታያል። አሥራ አንደኛው፦ ክሩ ይሳባል፤ መሰላሉ ይዘጋል፤ ጠርዙ በራሱ ይጠቀለላል። አሥራ ሁለተኛው፦ አውራ ጣት ጠርዙን ወደ ጎን ለጠጥ ያደርጋል፤ «ከተጨማደደ ብዙ ስበሻል።»

«አሥራ አንደኛውን ስታሳዩ አፋችሁን ዝጉ» አለች ሻምሶ። «ሲጠቀለል ዝም ይባል። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼው አሁንም ሲጠቀለል ዝም እላለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ቀረጹት። ሳጋል ስልኩን በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ለዚሁ በተገዛ ትንሽ መቆሚያ አቆመች። ብርነሽ እጇ ከስዕሉ እየወጣ ስላስቸገረ፣ ራሷን እያየች እንድትሠራ ሳጋል የፊቱን ካሜራ ከፈተችላት። ብርነሽ ስክሪኑ ላይ እጇን እያየች በጣም ተመቻት፤ አሥራ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ጨረሱ። የመሃሉ በር ለቀረጻው ተዘግቶ ነበር። ሻምሶ ከወዲያ «አለቀ?» ስትል፣ «ገና ነው፣ አርፈሽ ተኚ» ይሏታል።

ሰኞ ጠዋት ሳጋል ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። «ሃበርያር፣ ተበላሽቷል። ሜትሩን እዪው።»

የሜትሩ ቁጥሮች ተገልብጠው ነበር። የማሽኑ መዘውር በግራ በኩል ሆኗል፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈውም ወደ ኋላ ይነበባል። ስልኩ የፊት ካሜራውን እንደ መስታወት አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ሳጋል መድኃኒት መሸጥ እንጂ ቪዲዮ ማስተካከል አታውቅም፤ በአንድ ንክኪ የሚመልሰው ነገር ስልኩ ላይ እንዳለ የተማሩት ኋላ ነው።

«እስኪ ለእማዬ እንደዚሁ እናሳያት?» አለች ሳጋል። «እጁን ታያለች እኮ። ቁጥሩን ምን ታደርገዋለች።»

ብርነሽ የስፌት ቤቱን ሕግ አሰበች። ሻምሶ ያላለቀ ሥራ ለባለቤቱ አሳይታ አታውቅም። ሙሽራ በር ላይ ቆማ ብትለምን እንኳ፣ አንድ ቁልፍ ከቀረ ልብሱ መጋረጃ ውስጥ ነው። «ያላለቀ ሥራ ያየ ሰው ሲያልቅም የሚያየው ጉድለቱን ነው» ትላለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ብርነሽ ይህን ሕግ አንዴም አልሻረችም። ያውም ለራሷ ለሻምሶ፣ ተገልብጦ የወጣ ነገር?

«አይሆንም» አለች። «ንጹሑን ታየዋለች። አጥፊውና እንደገና እንሥራው።»

ሳጋል አጠፋችው። ስልኩም ለአዲሱ ቀረጻ ቦታ አልነበረውም።

ያን ዕለት ብርነሽ ምሳ ስታጎርሳት ሻምሶ ጠየቀች። «ቀረጻችሁት?»

«አላለቀም።»

«ያለቀውን አሳዪኝ።»

«ያላለቀ ሥራ ለባለቤቱ ይታያል እንዴ?» አለች ብርነሽ።

ሻምሶ በቀናው የከንፈሯ በኩል ፈገግ አለች። «የራሴን መቀስ በራሴ ላይ። እሺ፣ ጨርሺ። ግን ቶሎ በዪ አባዮ። እጄን ናፍቄያለሁ።»

ብርነሽ የሚቀጥለውን ማንኪያ አቀረበችላት። «እጄን ናፍቄያለሁ» ያለችው ሥራዬን ናፍቄያለሁ ማለቷ መስሎ ነበር የተሰማት።

አንዴ የተጠቀለለ ጠርዝ ተፈትቶ እንደ አዲስ አይሆንም፤ ክርክሙ ይተረተራል። ስለዚህ ማክሰኞ አዲስ ጨርቅ ተገዛ። ከሰዓት ሳጋል ስትመጣ መብራት ጠፋ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ ነጠላ ክር ቀርቶ መርፌውም አይታይ። ረቡዕ በኋላው ካሜራ ጀመሩ። አሁን ብርነሽ ራሷን አታይም፤ እጇ ከስዕሉ እየወጣ አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ሰባተኛውን ሲጨርሱ ሳጋል ማታ ተረኛ ነበረችና ሄደች። አምስት ቀረ። «ነገ እስከ ምሳ እንጨርሰዋለን» ተባባሉ።

ሐሙስ ጠዋት ብርነሽ ስትመጣ የስፌት ቤቱ በር ተከፍቶ፣ ውስጡ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ሻምሶ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ ልጇ ውሃ ልታመጣላት ዞር ስትል፣ ሄዳለች።

ሴቶቹ አጠቧት። ብርነሽ የሃይማኖቱ ሰው አይደለችምና በመሃሉ በር ላይ ቆመች። አንዷ አሮጊት ነጩን ጨርቅ ከብርነሽ መቀስ ጋር አመጣችና ቁረጪልን አለቻት። ቆረጠች። እጇ በልማድ ወደ መርፌ ሲሄድ አሮጊቷ በርኅራኄ ያዘቻት፤ ከፈን ጠርዙ አይቀመቀምም። ዕድሜዋን ሙሉ ጠርዝ ስትጠቀልል የኖረች ሴት ጠርዙ ባልተያዘ ጨርቅ ተጠቀለለች። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ወንዶች ወሰዷት። ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱም፤ ብርነሽና ሳጋል ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መኪናው በሚኒባሶቹ መካከል መንገድ ሲለምን እያዩ ቀሩ።

ብርነሽ ማታ ቤቷ ገብታ ለጸሎት ቆመች። «ሰኞ እንደዚያው ብናሳያት ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ጸሎቱን እያቋረጠ ከመጀመሪያው አስጀመራት። ሦስት ቀን ነበራት። ሦስት ሙሉ ቀን ሻምሶ ከበሩ ወዲያ ተኝታ ስትጠብቅ፣ እሷ ቁጥር ስታቃና ነበር።

የለቅሶው ሳምንት አልፎ በዘጠነኛው ቀን ሳጋል ወደ ስፌት ቤቱ መጣች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ፊቷ ግን ከጥቁር የባሰ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሃበርያር፣ አምስቱን እንጨርሳቸው። ላዳን ደውላ ነበር። ‹ልጆቹ እየጠበቁ ነው፣ የሥራው ዋጋ፣ አጅሩ፣ ለእናትሽ ይደርሳታል› አለችኝ።»

«እንጨርሳለን።»

«ቦታ ልፈልግ ብዬ የተሰረዙትን ከፈትኩ። ስልኩ ሠላሳ ቀን ያስቀምጣቸዋል ለካ። ሁሉንም ላጠፋ ነበር።» ሳጋል ስልኩን ወደ ብርነሽ ገፋችው። «አንዱን ነካሁት። እዪው።»

የእሑዱ ነበር። አሥራ አንደኛው። እጅ ክሩን ሊስብ ሲል በአውራ ጣት ጨርቁን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ትንሿ ጣት ተነሥታለች። እጁ ግራ እጅ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ክሩ ተሳበ፤ ጠርዙ ተጠቀለለ።

ብርነሽ መጀመሪያ የሻምሶ የድሮ ቪዲዮ መሰላት። «መቼ ቀረጽሻት?» አለች።

«አልቀረጽኳትም። አንቺ ነሽ።»

ብርነሽ እጇን አየች፤ ስልኩን አየች። ፊት ለፊት ተቀምጣ እንደ መስታወት የተማረችው፣ መስታወት ውስጥ ሲገባ የአስተማሪዋ እጅ ሆኖ ወጥቶ ነበር። የሞተው እጅ ይሠራል። ሻምሶ የናፈቀችው ይህንኑ ነበር፤ በአንድ በር ወዲያ ነበር፤ «አጥፊው» ያለችው ብርነሽ ናት።

«ብታየው ኖሮ» አለች ሳጋል፣ አልጨረሰችውም።

«እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

«ያጠፋው ጣት የኔ ነው።»

«አንቺ ልናሳያት ብለሽ ነበር። እኔ…» ብርነሽ ወደ ሳጋል ዞረች። «ይቅር በዪኝ ልጄ። እሷን አልጠይቅ እንግዲህ። አንቺ ይቅር በዪኝ።»

ሳጋል ወንበሩን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አሥራ ሁለቱንም ከመጀመሪያው አንሥተው አዩ፤ ደግመውም አዩ። ደጅ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር።

አምስቱን ቀሪ ሾቶች ሁለት ቀን ፈጅተው ጨረሱ። ብርነሽ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ የእሑዱ አይጣል። በቀኝ ለሚሠሩት አዲሱ ይሁን፤ ለግራኞች ደግሞ የተገለበጠው ይሁንላቸው፤ ሜትሩ ላይ ሳጋል በድምፅ «ግማሽ ሳንቲም» ትላለችና ቁጥሩን ማንበብ አያሻም። ሻምሶ በልጅነቷ ግራ እጇን ስንት ጊዜ እንደተመታች፣ ሥራ ያስተማረቻት ሴት «እንደኛ ካልያዝሽ አላሳይሽም» ብላ እንዴት እንዳስለቀሰቻት ብርነሽ ታውቃለች።

ማጽደቅ ቀረ። በደብተሩ መጨረሻ ላይ ሻምሶ «እኔ አየሁት» ብላ የምትፈርምበት አንድ ባዶ መስመር ነበር። ሳጋል ደብተሩን ለብርነሽ አቀረበችላት። ብርነሽ ረጅም ጊዜ አየችው። እርሳሱን አነሣችና አስቀመጠችው። «ይሄ የሷ ነው። ባዶውን ይኑር» አለች።

ዓርብ ከሰዓት አያሃ ሄዱ። ላዳን ግቢዋን ጠርጋ ምንጣፍ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ነበሩ፤ ሁለቱ ሥራ አግኝተው አልመጡም። ለሻምሶ የፋቲሓ ጸሎት ተቀራ። ላዳን ስልኳን ከፍታ የመጀመሪያውን ሾት አጫወተች፤ ሴቶቹ ተጠጋግተው አዩ፤ የሳጋል ድምፅ እየመጣ መርፌ ተያዘ። አንዷ ቋጠሮዋን ደብቃ ጨረሰች፤ አንዷ ስድስተኛውን አራት ጊዜ መልሳ አየች። ብርነሽ በመካከላቸው እየዞረች፣ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ «አንድ ክር፣ አንድ ክር» ትላለች።

ጥግ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ እስካሁን መርፌውን በቀኟ ይዛ ስትታገል የቆየች ሴት ነበረች። ላዳን ሌላኛውን ቪዲዮ ከፍታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ትንሽ አየችና መርፌዋን ወደ ግራዋ አዛወረችው። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም ምንም አላላትም። ጀመረች። መሰላሏ ተንጋደደ፤ ስትስበው ጠርዙ ግማሹ ተጠቀለለ፣ ግማሹ ተጨማደደ። እንደገና ሁለተኛውን ስንዝር ከረከመች።

ሳጋል ያን ስታይ ተነሥታ ከግቢው ወጣች። ብርነሽ ተከተለቻት። ከአጥሩ ውጭ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ ከወዲያ የሻምሶ መቃብር ያለበት አቅጣጫ ነው፣ ግን አይታይም።

«ደረሳት ይመስልሻል?» አለች ሳጋል።

ብርነሽ እንደሚያውቅ ሰው ሆና መመለስ አልፈለገችም። ሻምሶ እንዳላየችው ታውቃለች፤ ይህን የሚለውጠው የለም፤ እስክትሞት ከእሷ ጋር ይኖራል። ግን ደግሞ ፈጣሪን ታምናለች።

«እኔ አላሳየኋትም» አለች። «የሚያሳያት ካለ እሱ ነው። ለምኚው። እኔም እለምናለሁ።»

ሳጋል ቀሚሷን ሰብስባ ለዓስር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወደ ላዳን ቤት ተመለሰች። ብርነሽ አጥሩን ተደግፋ ትንሽ ቆየችና፣ ከግቢው «ሃበርያር፣ ነይ እዪው፣ ክሩ ተበጠሰ» የሚል የሴት ድምፅ ሲጠራት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ገባች።